የእድር ደንብ በማርክዳውን፦ ወደ ኤችቲኤምኤል ሲቀየር የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

ማርክዳውን ተራ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ጥቂት ምልክቶችን ጣል የምታደርጉበት አጻጻፍ ነው። መስመሩ በ`#` ከጀመረ ርዕስ ይሆናል። ቃሉ በሁለት ሁለት ኮከብ ከታጠረ ይደምቃል። ብራውዘር ግን ይህን አይረዳም። እሱ የሚያነበው ኤችቲኤምኤል ነው። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ ቀያሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሥራውም ምልክቶቹን አንብቦ እንደ `<h1>`፣ `<li>` እና `<strong>` ባሉ ታጎች መተካት ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀላል ነው። ችግሩ ቀያሪው ሲሳሳት ዝም ማለቱ ነው። በማርክዳውን ውስጥ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ያልገባውን ምልክት እንደ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያልፈዋል። ወይም ደግሞ እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ነገር አድርጎ ይተረጉመዋል። አማርኛ ስንጽፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ላይ የማናገኛቸው ጥቂት ችግሮች ይጨመራሉ። እነሱን በአንድ ምሳሌ ላይ እንያቸው።

አንድ እድር ደንቡን በማርክዳውን ጽፎ ድረ ገጽ ላይ ሊያወጣው ነው እንበል። የደንቡ መጀመሪያ ይህን ይመስላል፦

```
# የእድራችን ደንብ

## የአባላት ግዴታ

1. **መዋጮ** በየወሩ ይከፈላል።
   - ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ ይቀበላል።
   - ደረሰኝ *ወዲያውኑ* ይሰጣል።
2. አባሉ አድራሻ ሲቀይር ያሳውቃል።

ስለ ቀኑ [የስብሰባውን ክፍል](#ዓመታዊ-ስብሰባ) ይመልከቱ።

## ዓመታዊ ስብሰባ
```

የዝርዝሩ ክፍል በትክክል ሲቀየር ይህ ይወጣል፦

```
<ol>
<li><strong>መዋጮ</strong> በየወሩ ይከፈላል።
<ul>
<li>ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ ይቀበላል።</li>
<li>ደረሰኝ <em>ወዲያውኑ</em> ይሰጣል።</li>
</ul>
</li>
<li>አባሉ አድራሻ ሲቀይር ያሳውቃል።</li>
</ol>
```

የመጀመሪያው `</li>` የት እንደተዘጋ ልብ በሉ። ንዑስ ዝርዝሩ `<ul>` ካለቀ በኋላ ነው። ማለትም ሁለቱ ንዑስ ነጥቦች የሚኖሩት በቁጥር 1 ሆድ ውስጥ ነው። በዝርዝር ጉዳይ «ትክክል ነው ወይስ ተበላሽቷል?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ቀያሪው ይህን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ማርክዳውንን በ2004 ያወጣው ጆን ግሩበር ነው፤ አሮን ስዋርትዝም በሐሳብ አግዞታል። ከአጻጻፉ ማብራሪያ ጋር አንድ የፐርል ፕሮግራም አብሮ ወጣ። ማብራሪያው ግን ብዙ ነገር ክፍት አድርጎ ስለተወ፣ በኋላ የመጡት ቀያሪዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሄዱ። በ2014 ጆን ማክፋርሌን፣ ጄፍ አትዉድና ሌሎችም ኮመንማርክ የሚባለውን ዝርዝር መስፈርት አወጡ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ጊትሀብም በ2017 የራሱን መስፈርት በኮመንማርክ ላይ ተመሥርቶ አሳተመ። ዛሬ ብዙ ቀያሪዎች ይህን መስፈርት ይከተላሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የአንዱ ቀያሪ ውጤት ከሌላው የሚለየው ለዚህ ነው።

በኮመንማርክ መሠረት ቀያሪው ፋይሉን በሁለት ዙር ያነባል። በመጀመሪያው ዙር የሚያየው የመስመሮቹን አጀማመር ነው። ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው እያለ ጽሑፉን በክፍል በክፍል ይለያል። በዚህ ጊዜ ኮከቡ ምን እንደሚያደምቅ ወይም ሊንኩ የት እንደሚወስድ ጉዳዩ አይደለም። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ይገባና የሚደምቀውንና ሊንኩን ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ። አንደኛው ከመስመር መጀመሪያ ይመጣል፤ ዝርዝርና ርዕስ ያበላሻል። ሁለተኛው ከቃል ዳርቻ ይመጣል፤ የደመቀ ጽሑፍና ሊንክ ያበላሻል። በአንድ የዝርዝር ነጥብ ላይ `**` ከፍታችሁ በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ብትዘጉትም አይሠራም። ሁለቱ ነጥቦች በመጀመሪያው ዙር ተለያይተዋልና አይገናኙም።

ከዝርዝሩ እንጀምር። ደንቡ ቀላል ነው፦ ንዑስ ነጥብ ቢያንስ የወላጁ ጽሑፍ ከሚጀምርበት ቦታ መጀመር አለበት። በ`1. ` ውስጥ ቁጥሩ አንድ፣ ነጥቡ አንድ፣ ስፔሱ አንድ ቦታ ይይዛሉ። ድምሩ 3 ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለው ሰረዝ ቢያንስ 3 ስፔስ ይፈልጋል። በ`- ` ሥር ከሆነ ግን 2 ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሰረዝ ዝርዝር የለመደውን 2 ስፔስ በቁጥር ዝርዝር ሥርም ይጠቀማል። በእኛ ደንብ ላይ 2 ስፔስ ብቻ ብንጠቀም ይህ ይወጣል፦

```
<ol>
<li><strong>መዋጮ</strong> በየወሩ ይከፈላል።</li>
</ol>
<ul>
<li>ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ ይቀበላል።</li>
<li>ደረሰኝ <em>ወዲያውኑ</em> ይሰጣል።</li>
</ul>
<ol start="2">
<li>አባሉ አድራሻ ሲቀይር ያሳውቃል።</li>
</ol>
```

አንድ የነበረው ዝርዝር ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ንዑስ ነጥቦቹ ከቁጥር 1 ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ሆነዋል። መጥፎው ነገር ብራውዘር ላይ ሲታይ ብዙም አያስታውቅም። `start="2"` የሚለው ቁጥሩን ስለሚያስቀጥለው 1 ካለ በኋላ 2 ይላል። የተለየው ነጥቦቹ ወደ ውስጥ አለመግባታቸው ብቻ ነው። ጽሑፉን በስክሪን ሪደር ለሚያዳምጥ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ደረሰኙ የመዋጮው ጉዳይ መሆኑን የሚነግረው ነገር ጠፍቷል።

ሰው የማይጠብቀው ሌላ ቦታ ቁጥር 10 ነው። ከ1 እስከ 9 በ3 ስፔስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። `10. ` ላይ ሲደርስ ግን ምልክቱ 4 ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያው 3 ስፔስ አይበቃም፤ ከ10ኛው አንቀጽ በታች ያሉት ንዑስ ነጥቦች ሁሉ ይወጣሉ። ረጅም ደንብ ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ያለ ሰው ይህን አያየውም።

ፓይተን-ማርክዳውን በሚባለው ቀያሪ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። እሱ የግሩበርን የጥንቱን አካሄድ ይዞ ለእያንዳንዱ ደረጃ 4 ስፔስ ይጠይቃል። 3 ስፔስ ከሰጣችሁት ንዑስ ነጥቦቹን እንደ እኩያ ቆጥሮ በዚያው ቁጥር ዝርዝር ውስጥ ይደረድራቸዋል። ያኔ ገንዘብ ያዡ ቁጥር 2 ይሆናል፤ ደረሰኙ 3፤ የአድራሻው ጉዳይ ወደ 4 ይወርዳል። «በአንቀጽ 2 መሠረት» እያሉ ለሚጠቅሱት ደንብ ይህ ቀልድ አይደለም። የአንቀጹ ቁጥር ተቀይሯል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁልጊዜ 4 ስፔስ መጠቀም ነው። 4 ስፔስ በ`- ` ሥርም፣ በ`1. ` ሥርም፣ በ`10. ` ሥርም ይሠራል፤ በኮመንማርክም በፓይተን-ማርክዳውንም። ሦስተኛው ደረጃ 8 ይሆናል። ታብ ግን ተዉት። ኤዲተሩ ታብን እንዴት እንደሚያሳይና ቀያሪው እንዴት እንደሚቆጥረው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ስለ ዝርዝር አንድ የመጨረሻ ነገር። በሁለት ነጥቦች መሀል ባዶ መስመር ከተዋችሁ ቀያሪው የዚያን ደረጃ ነጥቦች በሙሉ በ`<p>` ይጠቀልላቸዋል። አንዱን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። በገጹ ላይ ዝርዝሩ በድንገት ሰፋ ሰፋ ብሎ ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ባዶ መስመር ገብታለች። ብልሽት አይደለም፤ ግን አንዱ ዝርዝር ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ሆኖ ገጹን የተዝረከረከ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ማድመቅ እንሂድ። ለአማርኛ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። እንግሊዝኛ ላይ የሚደምቀው ቃል አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም ስፔስ አለው። በአማርኛ ግን ቃሉ ከፊቱም ከኋላውም ሌላ ነገር ይለጠፍበታል። «መዋጮን»፣ «የመዋጮ»፣ «በመዋጮው» እንላለን። ሥሩን ብቻ ማድመቅ ስንፈልግ ምልክቱ የሚያርፈው በፊደል መሀል ነው።

በኮከብ ከሆነ ችግር የለም። `**መዋጮ**ን` በትክክል ደምቆ ይወጣል፤ «ን» ከውጭ ይቀራል። በአንደርስኮር ከሆነ ግን አይሠራም። `__መዋጮ__ን` እንዳለ፣ ከነአንደርስኮሩ ገጹ ላይ ይታያል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፕሮግራመሮች `file_name_here` ዓይነት ስም ሲጽፉ መሀሉ ዘመም ብሎ እየወጣ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ኮመንማርክ በፊደል መሀል ያለ አንደርስኮር ማድመቂያም ማዝመሚያም እንዳይሆን ወሰነ። ለእነሱ ጠቀመ። እኛ ግን ቅጥያ የሚወስድ ቋንቋ ስላለን አንደርስኮሩን ትተን ሁሌም በኮከብ ብንጽፍ ይሻላል።

ኮከብም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ይከዳናል። ሥርዓተ ነጥብ ሲነካው ነው። ይህን ተመልከቱ፦

```
**«መዋጮ»**ን በወቅቱ ያልከፈለ አባል ይቀጣል።
```

ይህ አይደምቅም። አራቱም ኮከቦች ገጹ ላይ ቁጭ ይላሉ። ምክንያቱ ቀያሪው አንድ ኮከብ መክፈቻ ነው ወይስ መዝጊያ የሚለውን የሚወስነው በግራና በቀኙ ያለውን በማየት መሆኑ ነው። መዝጊያ የሚሆነው ከበፊቱ ፊደል ካለ ነው። ከበፊቱ ሥርዓተ ነጥብ ካለ ግን፣ ከኋላው ስፔስ ወይም ሌላ ሥርዓተ ነጥብ መከተል አለበት። በእኛ ምሳሌ ከመዝጊያው ኮከብ በፊት `»` አለ፤ ከኋላው ደግሞ «ን» የሚል ፊደል ተለጥፏል። ቀያሪው «ይህ መዝጊያ ሊሆን አይችልም» ይላል። መዝጊያ ሲያጣ መክፈቻውም ዋጋ የለውም።

የእኛ ነጥቦችም በዩኒኮድ እንደ ሥርዓተ ነጥብ ነው የተመዘገቡት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ ሁሉ ይገባሉ። ስለዚህ `**ማስታወሻ፦**ደረሰኝ` ተብሎ ያለ ስፔስ ከተጻፈ አይደምቅም። `**ማስታወሻ፦** ደረሰኝ` ከተባለ ይደምቃል። ልዩነቱ አንዲት ስፔስ ናት። በፊት ለፊትም ያው ነው፤ `የ**«መዋጮ»** ጉዳይ` የሚለው ይበላሻል፤ ምክንያቱም መክፈቻው ኮከብ በ«የ» እና በጥቅሱ መሀል ተጣብቋል።

መፍትሔው ነጥቡን ከኮከቡ ውጭ ማድረግ ነው፦

```
«**መዋጮ**»ን በወቅቱ ያልከፈለ አባል ይቀጣል።
```

አሁን ሁለቱም ኮከቦች ፊደል ይነካሉ፤ ይሠራል። ጥቅሱም አብሮ እንዲደምቅ የግድ ከፈለጋችሁ `<strong>«መዋጮ»</strong>ን` ብላችሁ ታጉን በእጃችሁ ጻፉት። ማርክዳውን ኤችቲኤምኤልን በውስጡ ይቀበላል። አንዳንድ ድረ ገጾች ግን ለደህንነት ሲሉ በእጅ የተጻፈ ታግን ስለሚያወጡት፣ የመጀመሪያው መፍትሔ ይመረጣል። ፓይተን-ማርክዳውን በዚህ ጉዳይ ልል ስለሆነ የተበላሸውንም ያደምቀዋል። እዚያ ሲሠራ ያያችሁት ጽሑፍ ጊትሀብ ላይ ኮከቡን ይዞ ሲወጣ አትደነቁ።

ሊንክ ላይ የቅንፎቹ ነገር ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሊንኩ የሚወስድበት ቦታ ነው። በደንባችን ውስጥ `#ዓመታዊ-ስብሰባ` የሚል ሊንክ አለ፤ በዚያው ገጽ ወደ ታችኛው ርዕስ የሚወስድ። ይህ የሚሠራው ርዕሱ `id="ዓመታዊ-ስብሰባ"` የሚል መለያ ካለው ነው። ኮመንማርክ ራሱ ለርዕስ መለያ አይሰጥም። የሚሰጡት ቀያሪዎቹ ናቸው፤ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ። ጊትሀብና ፓንዶክ የሚባለው ቀያሪ የአማርኛውን ፊደል እንዳለ ይዘው ስፔሱን በሰረዝ ይተኩታል። የፓይተን-ማርክዳውን የማውጫ ተጨማሪ ግን በተለመደው አሠራሩ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ሁሉ ይጥላል። የአማርኛ ርዕስ ምንም ሳይቀረው ባዶ ይሆንና `_1`፣ `_2` የሚል መለያ ይሰጠዋል። ከላይ አንድ ርዕስ ብትጨምሩ ቁጥሩ ይገፋል፤ የድሮው ሊንክም ወደ ሌላ ክፍል ይወስዳል። ለዚህ `slugify_unicode` የሚባል አማራጭ አለው፤ እሱን ማብራት ነው።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ለአንባቢ «ዓመታዊ»ም «አመታዊ»ም አንድ ናቸው። ለብራውዘር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ርዕሱን በ«ዓ» ጽፋችሁ ሊንኩን በ«አ» ከጻፋችሁ፣ ተጫኑት አትጫኑት ገጹ አይንቀሳቀስም። የስህተት መልእክትም አይመጣም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው። መለያውን በእጅ ከመጻፍ ከርዕሱ ላይ ኮፒ ማድረግ ይሻላል።

አማርኛ ያለበትን አድራሻ ቀያሪው ወደ `%E1%8A%A2` ዓይነት ነገር ሲለውጠው ብታዩ ግን አልተበላሸም። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ብቻ 45 ምልክት ይወጣዋል። ብራውዘሩ መልሶ ያነበዋል።

በእርግጥ የሚበላሸው ግን ያለ ቅንፍ ተጽፎ አራት ነጥብ ያለ ስፔስ የተከተለው አድራሻ ነው። ጊትሀብ እንዲህ ያለውን አድራሻ ራሱ ሊንክ ያደርገዋል። መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛ ነጥብ ካለ ያወጣዋል፤ `።` ግን በሚያወጣቸው ምልክቶች ውስጥ የለም። ስለዚህ `https://example.org/denb።` ብትሉ አራት ነጥቡ የአድራሻው አካል ይሆናል፤ ተጫኝው «ገጹ አልተገኘም» ይባላል። `<https://example.org/denb>።` ብላችሁ ብታጥሩት ችግሩ ያበቃል።

ርዕስ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከ`#` በኋላ ስፔስ መኖር አለበት፤ በኮመንማርክ `#ደንብ` ርዕስ አይሆንም። ከ`#` በፊት ባዶ መስመር ተዉ፤ የፓንዶክ የራሱ ማርክዳውን ይህን ይጠይቃል። መለያ መስመር ለማስመር `---` ስትጽፉም ከላዩ ባዶ መስመር ይኑር። ከጽሑፍ ሥር ከተጣበቀ ያ ጽሑፍ ሁለተኛ ደረጃ ርዕስ ይሆናል። አንቀጹ በሙሉ በድንገት ገዝፎ የምታዩት ለዚህ ነው።

ቅየራውን በፓንዶክ ለመሥራት ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
pandoc -f gfm -t html5 -s denb.md -o denb.html \
  --metadata pagetitle="የእድራችን ደንብ" --metadata lang=am
```

`-f gfm` ፋይሉን በጊትሀብ መስፈርት አንብብ ማለት ነው። `-s` ሙሉ ገጽ አውጣ ማለት ነው፤ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገረውን መስመርም ይጨምራል። ያለ እሱ የወጣውን ቁራጭ በቀጥታ ከከፈታችሁት ብራውዘሩ በሌላ ኮድ ሊያነበውና «ኢ» `áŠ¢` ሆኖ ሊመጣ ይችላል። `pagetitle` ያልነው ሆን ብለን ነው። `title` ብንል ፓንዶክ ርዕሱን ገጹ ላይም ስለሚጽፈው፣ ከእኛ `#` ጋር ሁለት ጊዜ ይታያል።

ከዚያ የወጣውን ፋይል በዓይን ብቻ አትመኑ። እነዚህን ፈልጉ፦

```
grep -n '\*\*' denb.html
grep -n '<ol start' denb.html
grep -o 'id="[^"]*"' denb.html
```

የመጀመሪያው ሳይደምቁ የቀሩትን ኮከቦች ያወጣል፤ ፓንዶክ ራሱ በገጹ አናት ከሚጨምረው የስታይል ክፍል የመጣ መስመር ካለ እለፉት። ሁለተኛው የተቆረጡ ዝርዝሮችን ያሳያል። ሦስተኛው የርዕሶቹን መለያ ይዘረዝራል፤ ከሊንኮቻችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ተርሚናል ካልለመዳችሁ በማንኛውም ኤዲተር ፋይሉን ከፍታችሁ `**` እና `<ol start` ብላችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ደንቡ ውስጥ ሆን ተብሎ ከ5 ወይም ከ8 የሚቀጥል ዝርዝር ካለ ሁለተኛው ፍለጋ እሱንም ያወጣዋል። የወጣውን እያንዳንዱን መስመር ከማርክዳውን ፋይሉ ጋር አይታችሁ ለዩት።